ቤት አንብበው ክፍል የሚሠሩበት ፔሬድ፦ የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አቬሬጅ ስፒድን እንዴት እንደማስተምረው

የማስተምረው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፣ ክፍሌ ውስጥ 58 ልጅ አለ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። ይሄን ቀድሜ የነገርኳችሁ "ፍሊፕድ ክላስ"፣ ማለትም ንባቡ ቤት ሥራው ክፍል የሚሆንበት የተገለበጠ ትምህርት ሲባል ብዙ አስተማሪ ቪዲዮና ታብሌት ስለሚታየው ነው። እውነት ነው ስሙን ያስታወቁት ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የሚባሉ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የነበሩ የኬሚስትሪ አስተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ትምህርታቸውን እየቀረጹ ነበር የጀመሩት፣ ግን ሀርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተማሪዎቹን ቤት አስነብቦ ክፍል ውስጥ እርስ በርስ ሲያከራክራቸው ነበር፣ በወረቀት። እኔም የምሠራው በወረቀት ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ ልጅ የራሱ ስልክ የለውም፣ ያለውም ካርድ የለውም፣ መብራትም እንደምታውቁት ነው።

ሁሉንም ትምህርት እንዲህ አላስተምርም። በሳምንት አንድ ፔሬድ ብቻ ነው የምገለብጠው፣ ከዚያ በላይ ካልኩ ወረቀቱን ማዘጋጀት አልችልም ልጆቹም ይሰለቻሉ። የቱን ልገልብጥ የሚለውን የምወስነው ያለፈውን ዓመት የፈተና ወረቀት አይቼ ነው፦ ልጆቹ ፎርሙላውን በትክክል ጽፈው መልሱን የሚስቱበት ርዕስ ካለ እሱ ነው የሚገለበጠው። ፎርሙላው ቤት ሊነበብ ይችላል፣ መሳሳቱ ግን ክፍል ውስጥ አጠገባቸው ሰው እያለ ነው መሆን ያለበት። አቬሬጅ ስፒድ ልክ እንደዚህ ነው። ጠቅላላ ርቀት ሲካፈል ለጠቅላላ ጊዜ፣ አንድ መስመር ነው፣ ማንም ይሸመድደዋል፣ ከዚያ ጥያቄ ስትሰጡት ሁለቱን ስፒድ ደምሮ ለሁለት ያካፍልላችኋል። ስለዚህ እሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ግማሽ ኤፎር ነው፣ አንድ ገጽ ብቻ። አንድ ኤፎር ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ኮፒ አስደርጌ በመቀስ እቆርጠዋለሁ፣ እንዲያም ሆኖ 29 ኮፒ ነው፣ ወረቀት በሌለበት ሳምንት ደግሞ የቀደመው ፔሬድ የመጨረሻ አስር ደቂቃ ላይ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል፣ ይሄም ይሠራል ግን አስር ደቂቃውን ይበላል።

ጽሁፉ እንደ መማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ግን አሳጥራቸዋለሁ፣ በግራ በኩል እያንዳንዱን መስመር ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከባዱን ቃል በአማርኛ አስቀምጣለሁ። እዚህ ላይ ረጋ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ "ልጆቹ አያነቡም" የሚባለው እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው ነው። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ መጽሐፉን "ገጽ ከዚህ እስከዚህ አንብቡ" ብዬ ሰጥቼ ነበር፣ አንድ ልጅ "ቲቸር አንብቤዋለሁ ግን ምን እንዳነበብኩ አላውቅም" አለኝ፣ እውነቱን ነበር። ሙሉውን ወደ አማርኛ ከመለስኩት ደግሞ ፈተናው ላይ ይጠፋቸዋል፣ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚወራባቸው ልጆችም ስላሉ አማርኛው ለሁሉም እኩል አይቀልም። አጭር እንግሊዝኛ፣ ጎኑ ላይ ሰባት ስምንት ቃል በቂ ነው። የመስመር ቁጥሩ ደግሞ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ልጁ "ምንም አልገባኝም" ከማለት ወጥቶ "መስመር 7 አልገባኝም" እንዲል ያደርገዋል፣ ለኔ ደግሞ መስመር 7ን ማስረዳት ሁለት ደቂቃ ነው።

ወረቀቱ ላይ አንድ የተሠራ ምሳሌ አለ። ልጅቷ ከቤት ሱቅ 600 ሜትር በ10 ደቂቃ ሄደች፣ ሱቁ ጋ 5 ደቂቃ ቆመች፣ ከዚያ 300 ሜትር በ5 ደቂቃ ቀጠለች። ጠቅላላ ርቀት 900 ሜትር፣ ጠቅላላ ጊዜ 20 ደቂቃ ማለትም 1200 ሰከንድ፣ መልሱ 0.75 ሜትር በሰከንድ። ምሳሌውን ሆን ብዬ ነው እንዲህ የሠራሁት፦ ስትራመድ ሁለቱም ጊዜ ስፒዷ በሰከንድ 1 ሜትር ነው፣ ግን አቬሬጁ 1 አይደለም፣ የቆመችበት 5 ደቂቃ ቀንሶታል። በጥንቃቄ ያነበበ ልጅ እዚህ ጋ ቆም ብሎ "እንዴ" ማለት አለበት። ከባዱን ጥያቄ፣ ማለቴ ሁለት የተለያየ ስፒድ ያለበትን፣ ወረቀቱ ላይ አላስገባም፣ እሱ የክፍል ነው።

ከታች ሦስት ጥያቄ። አንደኛ፦ ልጅቷ ሱቁ ጋ ባትቆም ኖሮ መልሱ ስንት ይሆን ነበር (900 ለ900 ሰከንድ፣ 1 ሜትር በሰከንድ)። ሁለተኛ፦ ዛሬ ከቤትህ ትምህርት ቤት ለመድረስ በጠቅላላ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ፣ ከዛ ውስጥ ስንቱን ቆመህ ነበር፣ የቆምክበት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም፣ ለምን። ሦስተኛ፦ ያልገባህ መስመር ቁጥር ስንት ነው።

ሁለተኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት። አንደኛው ጥያቄ ከጓደኛ ይኮረጃል፣ የራሱ መንገድ ግን አይኮረጅም። ታክሲ ሠልፍ 25 ደቂቃ የቆመው ልጅና በእግሩ የሚመጣው አንድ ዓይነት መልስ ከጻፉ ወዲያው ታውቃላችሁ፣ ቁጣም አያስፈልገውም፣ "አንተ በእግርህ አይደል የምትመጣው?" ማለት ብቻ ነው።

ወረቀቱን ከሁለት ቀን በፊት ነው የምሰጠው፣ ሰኞ ሰጥቼ ረቡዕ። አንድ ማታ ብቻ ከሆነ መብራት የጠፋበት፣ እህት ወንድሙን የሚይዝ፣ ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን የሚሞላ ልጅ ይቀርበታል፣ በተለይ ሴቶቹ። ንባቡ ራሱ ከ20 ደቂቃ መብለጥ የለበትም፣ እኔ ሳነበው 4 ደቂቃ ከፈጀብኝ ለነሱ በቂ ነው ብዬ እይዛለሁ።

መልሱን መሰብሰብ

መልሱን ሩብ ወረቀት ላይ ይጽፉና ጠዋት ክፍል እንደገቡ ሞኒተሯ ትሰበስባለች፣ የኔ ፔሬድ ከእረፍት በኋላ እንዲሆን ከፕሮግራም አውጪው ጋር ተነጋግሬ አስተካክያለሁ፣ በእረፍቱ 15 ደቂቃ አየዋለሁ። አላርምም። ሦስት ቦታ ብቻ እከምረዋለሁ፦ የገባው፣ አንብቦ የሆነ ነገር የጠፋው፣ ያላነበበው። ከመካከለኛው ክምር ብዙ ሰው የጻፈውን አንድ ነገር አነሳለሁ፣ አንድ ብቻ። በዚህ ርዕስ ሁሌም የሚመጣው "ቆሜ ስለነበር አልቆጠርኩትም" የሚለው ነው።

ማርክ 1 ነው፣ ልክ ስለሆነ ሳይሆን ስለጻፈ። ስህተት የጻፈም 1 ያገኛል። ስህተት ስትቀንሱበት ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት የጎረቤቱን ነው የሚያመጣላችሁ።

አሁን ያላነበቡት። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚፈርሰው፣ የኔም መጀመሪያ የፈረሰው እዚሁ ነው። ክፍል ገባሁ፣ 20 ልጅ አላነበበም፣ አዘንኩላቸውና "በአጭሩ ላስታውሳችሁ" ብዬ 15 ደቂቃ ሌክቸር ሰጠሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ያላነበቡት በረከቱ፣ በሦስተኛው ጎበዞቹም ተዉት፣ ለምን ያንብቡ፣ ቲቸር ለማንኛውም ይነግረናል። አሁን ያላነበቡት የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፍ ላይ ይቀመጡና ወረቀቱን እዚያው ያነባሉ፣ 10 ደቂቃ አላቸው፣ ሦስቱን ጥያቄ ጽፈው ዴስካቸውን ይቀላቀላሉ። አልሰድብም፣ ወላጅ አላስጠራም። የሚጎድልባቸው የመጀመሪያው ድምጽ መስጠትና የመጀመሪያው ጥያቄ ጅማሮ ነው፣ እሱ ራሱ ያንገበግባቸዋል፣ ምክንያቱም ከፊት ያሉት ሲጨቃጨቁ ይሰማሉ።

40 ደቂቃው

የመጀመሪያዎቹ 4 ደቂቃዎች ለመቀማመጥ ናቸው። ቀጣዩ 4 ደቂቃ ከወረቀታቸው ላነሳሁት አንድ ጥያቄ ነው፦ "ከቤት 1 ሰዓት ተኩል ወጥተህ 2 ሰዓት ከደረስክ እናትህ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ ብትልህ ሠልፉን ትቀንሳለህ?" ስላቸው አብዛኛው ይገባዋል።

ከዚያ 3 ደቂቃ ድምጽ መስጠት። ሰሌዳው ላይ ይሄን እጽፋለሁ፦ ሚኒባስ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሄደ፣ በዚያው መንገድ ተጨናንቆ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ተመለሰ። የደርሶ መልሱ አቬሬጅ ስፒድ፣ አንድ ከ24 ያነሰ፣ ሁለት ልክ 24፣ ሦስት ከ24 የበለጠ። ሳያሰሉ፣ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያሳዩኛል፣ እጅ ወደ ላይ ከሆነ ሁሉም ጎበዟን አይቶ ነው የሚያወጣው። ማዙር ልክ የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ሲሆኑ ነው ውይይቱ የሚጠቅመው ይላል፣ ከዚያ ካነሰ የሚያስረዳ የለም፣ ከበለጠ የሚከራከር የለም። በዚህች ጥያቄ ግን ልጆቼ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጣት ነው የሚያወጡት፣ ከ30 በታች ይሆንብኛል፣ ስለዚህ "ተወያዩ" ብዬ አለቃቸውም፣ ወደ ስሌት ነው የማስገባቸው። ቁጥር እጃቸው ላይ ሲገባ የሚከራከሩበት ነገር ያገኛሉ። መልሱን አልናገርም፣ ፊቴም ላይ እንዳይነበብ እጠነቀቃለሁ።

አሁን 10 ደቂቃ፣ ጥያቄ አንድ። ርቀቱን ለስሌት እንዲመች 12 ኪሎ ሜትር እንበለው እላቸዋለሁ። ግሩፑ ዴስኩ ነው፣ ሦስት ሰው፣ ዴስክ ማዞር የለ ጫጫታ የለ፣ 58 ሲሆን 18 ግሩፕ ሦስት ሦስት አንዱ አራት፣ 19 ግሩፕ። አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አንዷ ትሠራለች አምስቱ ይገለብጣሉ። ሦስት ሰው ሲሆን መደበቂያ ያንሳል፣ ያም ሆኖ አንድ ሕግ ጨምሬያለሁ፦ ለአንድ ዴስክ አንድ ወረቀት አንድ እስክሪብቶ፣ እስክሪብቶ የያዘው የሚጽፈው ሌሎቹ የነገሩትን ብቻ ነው፣ በየጥያቄው እስክሪብቶው ይዞራል። መጀመሪያ እስክሪብቶውን ለጎበዙ ነው የምሰጠው። የሚያውቀውን መጻፍ ስለማይችል ጎረቤቶቹን መጠየቅ ይጀምራል፣ "እና ምን ልጻፍ?" ይላል፣ እነሱም ይናገራሉ።

19 ግሩፕ ጋ እየሄድኩ ላስረዳ ብል ጊዜው አይበቃም። ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ወረቀቱ ላይ 24 የሚል ቁጥር። አልፌ ስሄድ ዓይኔ እሱን ነው የሚፈልገው። ካየሁት "ስህተት ነው" አልልም፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቄ እሄዳለሁ፦ "ሲሄድ ስንት ደቂቃ ፈጀበት፣ ሲመለስስ?" 12 ኪሎ ሜትር በ36፣ 20 ደቂቃ። 12 ኪሎ ሜትር በ12፣ 60 ደቂቃ። ጠቅላላ 24 ኪሎ ሜትር በ80 ደቂቃ፣ ማለትም በሰዓት 18። ሁለቱን ደቂቃዎች አንድ ላይ ሲያዩዋቸው አብዛኛው ዴስክ ራሱ ይነቃል። የማይነቃው ብዙ ጊዜ ደቂቃውን ወደ ሰዓት ሲቀይር የሚሳሳት ነው፣ 80 ደቂቃን 0.80 ሰዓት ብሎ 30 የሚያመጣ አለ። 30 ካያችሁ ችግሩ አቬሬጅ አይደለም፣ የ60 ነው፣ እሱን ለብቻው ንገሩት።

4 ደቂቃ ለማስረዳት። ዴስክ እጠራለሁ፣ ከዚያ "መካከል የተቀመጠው" እላለሁ፣ ማን እንደሚናገር ቀድመው ስለማያውቁ ሦስቱም መዘጋጀት አለባቸው። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ "ቲቸር እኮ ብዙውን ሰዓት የቆየው በቀርፋፋው ላይ ነው፣ እንዴት እኩል ይካፈላል" አለች። ከኔ የሚሻል ነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሌላው ሴክሽንም የምጠብቀው ይቺን ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከልጆቹ አፍ እስኪወጣ እታገሳለሁ።

ቀጥሎ 10 ደቂቃ ለሁለት ጥያቄ። ጥያቄ ሁለት አጭር ናት፦ ሚኒባሱ አንድ ሰዓት በ36፣ ሌላ አንድ ሰዓት በ12 ቢሄድስ? 48 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት፣ 24። እዚህ ጋ ጫጫታ ይነሳል፣ "ቅድም ስህተት ነው ያልከን እኮ!" ይሉኛል፣ እኔ የምፈልገውም ጫጫታውን ነው። ጊዜው እኩል ሲሆን ደምሮ ለሁለት ይሠራል፣ ርቀቱ እኩል ሲሆን አይሠራም። ይቺን ጥያቄ ካልሰጣችኋቸው "ደምሮ ለሁለት ሁሌም ስህተት ነው" ብለው ይወጣሉ፣ እሱም ሌላ ስህተት ነው፣ በኋላ ዩኒፎርም አክስለሬሽን ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቬሎሲቲን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ስላለ ያምታታቸዋል።

ጥያቄ ሦስት የምወዳት ናት። ሹፌሩ ሲሄድ ተጨናንቆበት 12 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 12 ነው የሄደው። የደርሶ መልሱ አቬሬጅ 24 እንዲሆንለት በስንት ስፒድ ይመለስ? ወዲያው 36 ይላሉ፣ 12 ሲደመር 36 ለሁለት 24 ነዋ። እኔ ወደ ሰሌዳው ጥያቄ አንድ ላይ እጠቁማለሁ፣ ዝም ብዬ። 36 እና 12፣ ያው መንገድ፣ ቅድም 18 ነበር የወጣው። አንዳንዱ ዴስክ 60 ይሞክራል፣ 12 ደቂቃ፣ ጠቅላላ 72 ደቂቃ፣ 20 ይወጣል። 120 ይሞክራሉ፣ 66 ደቂቃ፣ 22 እንኳን አይሞላም። ከዚያ አንዱ ዴስክ ከኋላ ያስበዋል፦ 24 ኪሎ ሜትር በ24 ስፒድ ማለት ጠቅላላ 1 ሰዓት ማለት ነው፣ ሹፌሩ ደግሞ ሲሄድ ብቻ 1 ሰዓቱን ጨርሶታል። ለመመለሻ ምንም ደቂቃ የለውም። አይቻልም። ልጆቻችን መልስ የሌለው ጥያቄ ስለማይሰጣቸው "አይቻልም" ብሎ መጻፍ ይፈራሉ፣ "ቲቸር ጥያቄው ተሳስቷል?" ይላሉ፣ ጥያቄው ልክ ነው በሉና ተዉአቸው። ጊዜ ካለቀ መልሱን ሳትናገሩ ውጡ፣ እስከ ማግስቱ ያስቡበታል፣ እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ተከትለውኝ ስታፍ ድረስ የመጡ አሉ።

የመጨረሻ 5 ደቂቃ ወረቀት ተዘግቶ፣ ለየብቻ፣ አንድ ጥያቄ። ቁጥሩ የተቀየረ፦ 60 ኪሎ ሜትር በ30፣ 60 ኪሎ ሜትር በ20። ልክ 24 ነው፣ 120 ለ5 ሰዓት። 25 የጻፈ ልጅ ግሩፑ ውስጥ ሲያጨበጭብ የነበረ ነው፣ ገና አልገባውም። ስማቸውን ደብተሬ ላይ እይዛለሁ፣ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ርዕስ ስጀምር እነሱን አንድ ዴስክ ላይ ሰብስቤ መጀመሪያ እነሱ ጋ ነው የምሄደው። ግሩፕ ሥራውን ብቻ አይታችሁ "ሁሉም ገብቶታል" እንዳትሉ፣ እኔን ለረጅም ጊዜ ያታለለኝ እሱ ነው።

የሌሰን ፕላኑ ፎርም

ዲፓርትመንቱም ሱፐርቫይዘሩም የሚያየው ፎርም መግቢያ፣ ማቅረቢያ፣ ማጠናከሪያ፣ ምዘና የሚል ነው፣ አስተማሪው ምን ያደርጋል ተማሪው ምን ያደርጋል የሚል ዓምድ አለው። አዲስ ፎርም አትፍጠሩ። መግቢያ ላይ ከወረቀታቸው የመጣውን ጥያቄና ድምጽ መስጠቱን ጻፉ፣ 11 ደቂቃ። ማቅረቢያ ላይ "ተማሪዎች ጥያቄ አንድን በዴስክ ይሠራሉ፣ ያስረዳሉ" 14 ደቂቃ፣ ማጠናከሪያ ጥያቄ ሁለትና ሦስት 10፣ ምዘና 5። በአስተማሪው ዓምድ "ያስረዳል" የሚል ቃል ሲጎድል ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ እኔ የንባብ ወረቀቱን አንድ ኮፒ ከፕላኑ ጋር በስቴፕለር አያይዘዋለሁ፣ ማስረዳቱ እዚያ ላይ ስላለ ጥያቄው ያበቃል።

ይሄን ዘዴ የማልጠቀምባቸው ቦታዎች አሉ። ቬክተር ሲጀመር አልገለብጥም፣ ቀስቱን በዓይናቸው ሳያዩ በንባብ ብቻ አይገባቸውም፣ እኔ ሰሌዳ ላይ መሳል አለብኝ። የፈተና ሳምንትም አልሰጥም። ሁለት ሴክሽን ካላችሁ ደግሞ አንዱ ረቡዕ ሌላው ሐሙስ ከሆነ ሚኒባሱ ረቡዕ ማታ ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ልጆቹ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ነው የሚኖሩት፣ ስለዚህ ለሐሙሱ 36ን 40፣ 12ን 10 አድርጉት፣ ርቀቱን 20 ኪሎ ሜትር ስትሉት ሲሄድ ግማሽ ሰዓት ሲመለስ ሁለት ሰዓት፣ 40 ለ2.5፣ መልሱ 16 ይመጣል፣ ደምሮ ለሁለት የሠራው 25 ይዞ ይቀርባል።